ፍጥነቱን ሁሉም ያያል፤ መልማዩ የሚፈልገው ሌላ ነው

አንድ የ16 ዓመት ልጅ በቀኝ መስመር ኳስ እየገፋ ይመጣል። ተከላካዩን በሦስት እርምጃ ጥሎት ሲያልፍ ሜዳ ዳር የቆመው ሕዝብ "ኧረ ይሄ ልጅ!" ብሎ ይጮኻል። ከሕዝቡ መሐል ማስታወሻ የያዘው ሰውዬ፣ ለክለብ ተጫዋች የሚፈልገው መልማይ፣ ግን በዚያች ቅጽበት ልጁን አይደለም የሚያየው። ዓይኑ የተሸነፈው ተከላካይ ላይ ነው። ዕድሜው ስንት ይሆን? የት ነበር የቆመው? ከጀርባው ምን ያህል ባዶ ሜዳ ነበረ? ሊረዳው የሚችል ሌላ ሰው ቅርብ ነበር ወይ? እነዚህ ካልታወቁ ልጁ ያደረገው ነገር ትልቅ ይሁን ትንሽ መናገር አይቻልም።

ፍጥነት መልማይ አያስፈልገውም። ሰዓት የያዘ ሰው ይለካዋል፣ ኳስ የማይወድ ሰው እንኳ ያየዋል። አንድ የመስመር አጥቂ ፈጣን ነው ማለት ከፊቱ ባዶ ሜዳ ሲኖር ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚናገረው ነገር የለም። ባዶ ሜዳው በሌለበት ቀን ልጁ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ጨዋታ ላይ የተገኘ ሰው ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ከቲዮ ዎልኮት የሚሻል ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። አርሰናል እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ከሳውዝሃምፕተን ሲወስደው 16 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የእንግሊዝ አሠልጣኝ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን፣ በፕሪሚየር ሊግ አንድም ደቂቃ ያልተጫወተውን ይህን ልጅ ጀርመን ለሚካሄደው የዓለም ዋንጫ መረጡት። ፍጥነቱ እውነት ነበር። ይሁን እንጂ ዎልኮት ከውድድሩ አንድም ደቂቃ ሳይሰለፍ ተመለሰ። በኋላ በአርሰናል ከ100 በላይ ጎሎች አስቆጥሯል፤ በ2008 ዛግሬብ ላይ ክሮኤሺያን ሦስት ጎል ያገባበትን ምሽት የሚረሳ የለም። ስለዚህ ዎልኮት የከሸፈ ተጫዋች ነው የሚሉትን አልቀበልም። ግን ዘመኑን ሁሉ ሲከተለው የኖረው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ተጋጣሚው ወደ ኋላ ሰብሰብ ብሎ ሜዳውን ሲዘጋበት ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ በ16 ዓመቱ ማንሳት ይቻል ነበር።

እንዴት እንደሚነሣ ለማየት አንድ ልጅ እናስብ። ስም አንሰጠውም፤ ሰባት ቁጥር ለባሽ፣ ቀኝ እግር፣ የቀኝ መስመር አጥቂ፣ 16 ዓመት ከጥቂት ወራት። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ የአሠራሩ መንገድ ግን ልምድ ያላቸው መልማዮች የሚከተሉት ነው።

በመጀመሪያው ጨዋታ ሰባት ቁጥር አራት ጊዜ ተከላካይ አልፎ አንድ ጎል አመቻችቶ አቀበለ። ቡድኑ 3 ለ 1 አሸነፈ። ለዓይን የሚያጠግብ ቀን ነው። መልማዩ ማታ ማስታወሻውን ሲያገላብጥ ግን አራቱም ጊዜ ኳሱ የተነጠቀው መሐል ሜዳ ላይ እንደነበር፣ አራቱም ጊዜ በመልሶ ማጥቃት ከተከላካዩ ጀርባ ከ30 ሜትር ያላነሰ ክፍት ሜዳ እንደነበር ያያል። የተጋጣሚው የግራ ተከላካይ ደግሞ አንድ ዓመት የሚያንሰው ቀጭን ልጅ ነው። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው እንግዲህ አጭር ነው፦ "ፈጣን ነው። ክፍት ሜዳ ይወዳል። ሌላውን አላየሁም።"

"አላየሁም" ብሎ መጻፍ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ባየው ጎል ልቡ ይሸፍትና ቀጣዮቹን ጨዋታዎች የሚመለከተው ያንን ስሜት የሚያረጋግጥለትን ነገር ለመፈለግ ነው። የመስመር አጥቂ ላይ ይህ ስህተት ይብሳል፤ ምክንያቱም ከአማካይ ጋር ሲነጻጸር ኳስ የሚነካው ጥቂት ጊዜ ነው። ከተከላካይ ጋር አንድ ለአንድ የሚፋጠጠው በአንድ ጨዋታ ምናልባት ስድስት ሰባት ጊዜ ቢሆን ነው። በስድስት አጋጣሚ ላይ ተመሥርቶ ስለ አንድ ልጅ የወደፊት ዕጣ መፍረድ ሳንቲም ወርውሮ እንደመፍረድ ያህል ነው። በስልክ የሚዘዋወሩት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮዎች ደግሞ ጭራሽ የተሳካውን ብቻ ለቅመው የሚያሳዩ ስለሆኑ አንድ ነገር ብቻ ይጠቅማሉ፦ ልጁን ሄዶ ማየት ይገባ እንደሆነ ለመወሰን።

ሁለተኛው ጨዋታ ሆን ተብሎ የሚመረጥ ነው። ተጋጣሚው ወደ ኋላ አፈግፍጎ የሚከላከል፣ ጠንካራ የግራ ተከላካይ ያለው ቡድን ይሁን። መልማዩም ቦታውን ይቀይራል፤ ከመሐል ሜዳው ትይዩ ሳይሆን ከጎሉ ጀርባ ወይም ልጁ ከሚሮጥበት መስመር አጠገብ ይቀመጣል። ከዚያም ለ20 ደቂቃ ያህል ኳሱን ትቶ ልጁን ብቻ ይከተላል። ለተመልካች የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ግን ብዙው ነገር የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው አንገቱ ነው። ኳስ ወደ እሱ ከመምጣቷ በፊት ዘወር ብሎ ያያል? የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት ለዓመታት የቆጠረው ይህንኑ ነበር፤ ተጫዋቹ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ባሉት 10 ሰከንዶች ዓይኑን ከኳሱ አንሥቶ ስንት ጊዜ ዙሪያውን እንዳየ። የመስመር አጥቂ አንድ ጎኑ የሜዳው መስመር ስለሆነ ማየት ያለበት ከአማካይ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ከኋላው የሚመጣው ተከላካይ በምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ካላወቀ ዞሮ ማጥቃት ይሻለው ወይስ ኳሷን መልሶ ማቀበል፣ ሊወስን አይችልም። ሰባት ቁጥር በዚህ ጨዋታ 28 ኳስ ተቀብሏል እንበል። 19ኙን የተቀበለው ፊቱን ወደ ራሱ ጎል አዙሮ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ቀድሞ ዘወር ብሎ ያየው አራት ጊዜ ብቻ። ሁለት ጊዜ ከጀርባው ማንም ሳይኖር ኳሷን ወደ ኋላ መልሷታል። ሕዝቡ ይህንን "ጥሩ ቅብብል" ብሎ ያልፈዋል። መልማዩ ግን የጠፋ ጥቃት ብሎ ይመዘግበዋል።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ንክኪ አለ። ኳሷ እግሩ ሥር ሞታ ትቀራለች ወይስ ሊሄድበት ወደፈለገው አቅጣጫ ትወጣለች? በእግሩ ሥር የምትቆም ኳስ ለተከላካዩ አንድ ሰከንድ ትሰጠዋለች፤ በዚያች ሰከንድ ፈጣኑ ልጅ ከቆመበት መነሣት ይኖርበታል። ኳስ ላይ የሚደረገው ሩጫ አብዛኛው ከ20 ሜትር ያነሰ ስለሆነ ቀድሞ የዞረ ዘገምተኛ፣ ዘግይቶ የዞረውን ፈጣን የሚቀድምበት ቀን ብዙ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በ16 ዓመት ዕድሜ ከምንም ነገር በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ጫና ውስጥ የሚደረግ የመጀመሪያ ንክኪ ነው። ማሻማት በልምምድ ይሻሻላል፤ ይህኛው ግን ዘግይቶ ሲስተካከል ያየሁት በጣም ጥቂት ልጅ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ አብዶው እንመጣለን። ሰባት ቁጥር ተከላካዩን ዘጠኝ ጊዜ ተፋጥጧል፤ ስምንቱን በውጭ በኩል ወደ ማዕዘኑ፣ አንዱን ብቻ ወደ ውስጥ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎች ሁለቱ ተሳኩ። ከቀሩት ስድስት ግን አንዱ ብቻ። በመሐሉ ምን ሆነ? ተከላካዩ ተማረ። ግማሽ እርምጃ ወደ መስመሩ ተጠግቶ "በዚህ አታልፍም፣ ከፈለግህ ወደ ውስጥ ግባ" አለው። መልማዩ ይህን ቀን የመረጠው ይህንን ቅጽበት ለማየት ነበር። የመጀመሪያው መንገድ ሲዘጋ ልጁ ሁለተኛ መልስ አለው ወይ? ሰባት ቁጥር አልነበረውም፤ ያንኑ በር ደጋግሞ አንኳኳ።

እዚህ ላይ ላሚን ያማልን ማንሳት ግድ ነው። ሐምሌ 2007 የተወለደው ይህ ልጅ ለባርሴሎና ዋና ቡድን ሲሰለፍ ገና 16 ዓመት አልሞላውም ነበር። ፈጣን ነው፤ ግን ከዓለም ፈጣኖች ተርታ የሚመደብ አይደለም። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ፈረንሳይ ላይ ያስቆጠራትን ጎል መለስ ብላችሁ እዩአት። ከሳጥኑ ውጭ አድሪያን ራቢዮ ከፊቱ ቆሟል። ያማል ሮጦ አላለፈውም፤ በሩጫ ለማለፍ የሚበቃ ቦታም አልነበረም። ኳሷን ነካ ነካ አድርጎ ራቢዮን አወዛወዘው፣ ወደ ግራ እግሩ አሸሻት፣ ለመምታት የምትበቃ ስንጥቅ ሲያገኝ ጠምዝዞ ላካት፤ የቋሚውን የውስጥ ጎን ነክታ ገባች። 17 ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ነበር የቀረው።

ለእኔ ግን ከዚያች ጎል ይልቅ በፍጻሜው እንግሊዝ ላይ ያደረገው ነው የሚበልጠው። በ47ኛው ደቂቃ ኳስ በቀኝ በኩል ደረሰችው፤ ወደ ውስጥ ሰብሮ ገባ። አብዛኛው ልጅ እዚያ ጋ ወይ ይመታል ወይ ቶሎ ያቀብላል። እሱ አላቀበለም። ኳሷን እየነዳ ተከላካዮቹ ወደ እሱ እስኪሳቡ ጠበቀና በግራ በኩል የሚመጣው ኒኮ ዊሊያምስ ነፃ ሲሆን አሳለፈለት፤ ጎል። በዚያ ጥቃት ውስጥ ትልቁ ችሎታ መዘግየት ነበር። ሰዓት የያዘ ሰው ይህንን ሊለካው አይችልም።

ያም ሆኖ ያማልን መለኪያ አድርጎ ሰባት ቁጥርን መጣል ስህተት ነው፤ ሥራቸው አንድ አይደለምና። ያማል በቀኝ መስመር የሚጫወት ግራ እግር ነው፤ ሥራው ወደ ውስጥ መግባት፣ ማቀበልና መምታት ነው። ሰባት ቁጥር በቀኝ የሚጫወት ቀኝ እግር ነው፤ ሥራው ውጭውን ይዞ ወርዶ ማሻማት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሲያሻማ ቀና ብሎ ማየቱ ነው። ያሻማት ኳስ ጎል ሆነች አልሆነችም የአጥቂው ጉዳይ ነው፤ ምርጫው ግን የእሱ ነው። አጥቂው ወደ ቅርቡ ቋሚ ሲሮጥ ከፍ አድርጎ ወደ ሩቁ የላከ ልጅ ቴክኒኩ ቢያምርም አላየም ማለት ነው። ከመጨረሻው መስመር ደርሶ ኳሷን ከሣጥኑ ጠርዝ ለሚመጣው አማካይ መሬት ለመሬት ወደ ኋላ የመለሰ ልጅ ግን አይቷል። ሰባት ቁጥር በሁለተኛው ጨዋታ ያሻማቸው አምስቱም ከፍ ያሉ ነበሩ፤ አንዴም ቀና አላለም።

ልጁ ምናልባት ሌላ ቦታ ይሻለው ይሆን ብሎ ማሰብም የመልማዩ ሥራ ነው። አልፎንሶ ዴቪስ ከቫንኩቨር ወደ ባየርን ሙኒክ በጥር 2019 ሲገባ የመስመር አጥቂ ነበር። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ግራ ተከላካይ ሆኖ መጫወት ጀመረና በ2020 የሻምፒዮንስ ሊግን አነሣ። ፍጥነቱ ያው ነው። የተለወጠው የሚነሣበት ቦታ ነው፤ ተከላካይ ሆኖ ሲጫወት ኳስ የሚቀበለው ፊቱን ወደ ተጋጣሚው አዙሮ ከፊቱ ረጅም ሜዳ ይዞ ነው፣ ከኋላ ያመለጠንም ሮጦ ይደርስበታል። ጀርባውን ሰጥቶ በጠባብ ቦታ ኳስ መቀበል የሚቸግረው ፈጣን ልጅ፣ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

በሦስተኛው ጨዋታ ዝናብ ነበር እንበል፤ ሜዳው ጭቃ፣ ቡድኑ 2 ለ 0 እየተመራ። አሠልጣኙ በ60ኛው ደቂቃ ሰባት ቁጥርን ወደ ግራ ቀየረው። እዚያ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በግራ በኩል ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ስለሚመለከት ቀና ማለት ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ በተከላካዮቹ መሐል አጥቂውን ከጎል ጋር ያገናኙ ኳሶች ሰጠ። በዚህ ጨዋታ 12 ኳስ አጥቷል። በዘጠኙ ወዲያው ዞሮ አሳደደ፤ በሦስቱ እጁን አንሥቶ ዳኛውን አየ። መልማዩ ሦስቱ መቼ እንደሆኑ ጻፈ፤ ሦስቱም አሠልጣኙ ከጮኸበት በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ነበሩ። ይህን "ልጁ ሰነፍ ነው" ብሎ የሚያነብ ሰው አለ። እኔ የማነበው ልጁ ሲጮኹበት ይሰበራል፣ ሌላ ጊዜ ግን ይሠራል ብዬ ነው፤ ለሚወስደው ክለብ ይህ በጣም ጠቃሚ መረጃ ነው።

የዕድሜ ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። ወንድ ልጅ በአማካይ 14 ዓመት ገደማ ሲሆን ነው በፍጥነት የሚረዝመው፤ አንዱ በ12 ይጀምራል፣ ሌላው በ16 ገና ነው። በ15 ዓመቱ ሁሉንም ጥሎ የሚሮጠው ልጅ አንዳንዴ ቀድሞ ጎረመሰ እንጂ ለዘለቄታው ፈጣን ላይሆን ይችላል። የዕድሜ ምድብ ከጥር በሚቆጠርበት ውድድር የጥር ልጅ ከኅዳር ልጅ ጋር አሥር ወር ልዩነት ይዞ ይሰለፋል፤ የወጣት ቡድኖች ዝርዝር በዓመቱ መጀመሪያ በተወለዱ ልጆች የሚሞላው ለዚህ ነው። ስለዚህ መልማዩ የትውልድ ወሩን፣ ቢችል የወላጆቹን ቁመት፣ ባለፈው ዓመት ምን ያህል እንደረዘመ ይጠይቃል። በአጭር ጊዜ አሥር ሴንቲ ሜትር የረዘመ ልጅ ለወራት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፤ በዚያ ወቅት አንድ ጊዜ አይቶ የሄደ መልማይ "ንክኪው መጥፎ ነው" ብሎ የጻፈው ነገር ከስድስት ወር በኋላ ሐሰት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ትንሽ ሆኖ ሳለ በጭንቅላቱ የሚጫወት ልጅ አካሉ ሲደርስለት ከሁሉ ይቀድማል። ሪያድ ማህሬዝ በ18 ዓመቱ በፈረንሳይ አራተኛ ዲቪዚዮን ለካምፔር ይጫወት የነበረ ቀጭን ልጅ ነው። ሌስተር ከሌ ሃቭር በጥር 2014 ሲወስደው 22 ደርሶ ነበር፤ የክለቡ መልማይ ስቲቭ ዋልሽ ወደ ሌ ሃቭር የሄደውም ሌላ ተጫዋች ለማየት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተከላካይ ሁሉ የሚፈራው ሰው ሆነ።

ለእኛ አገር ልጆች ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው መካሄዳቸው ለመልማይ ምቹ ነው፤ አንድ ከተማ ተቀምጦ አንድን ተጫዋች በሁለት ሳምንት ውስጥ ደጋግሞ ማየት ይችላል። ግን ያው ሜዳ ላይ፣ በያው አየር፣ ያለ ሜዳው ተመልካች ነው የሚያየው። አዳማ ላይ ደጋግሞ የሮጠ ልጅ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነው አዲስ አበባ ላይ ከሁለት ረጅም ሩጫ በኋላ ትንፋሹን ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት አይታወቅም። አምስት ጊዜ አየሁት ማለት አምስት የተለያየ ሁኔታ አየሁ ማለት አይደለም። በዚያ ላይ የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ከ18 ዓመት በታች ያለን ተጫዋች ከአገር አገር ማዘዋወርን፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ይከለክላል። ብራዚላዊው ኢስቴቫኦ በ17 ዓመቱ ለቼልሲ ቢስማማም የሄደው 18 ከሞላው በኋላ በ2025 ነው። "ልጅህን ነገ አውሮፓ እወስደዋለሁ" የሚል ደላላ ለአንድ የ15 ዓመት ልጅ ወላጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው አንቀጽ ነው። ለጨዋ መልማይ ግን ይህ ክልከላ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ሁለት ዓመት ደጋግሞ ማየት ይችላል።

አራተኛው ጨዋታ ላይ የሚላከው ሌላ ሰው ነው። የመጀመሪያው ምን እንዳየ አይነገረውም፤ ሪፖርቱንም አያሳዩትም። "የዛሬውን ሰባት ቁጥር እይልኝ" ብቻ ነው የሚባለው። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚስማሙበትን ማመን ይቻላል፤ የማይስማሙበት ደግሞ ቀጥሎ ምን መታየት እንዳለበት ይናገራል። በእኛ ምሳሌ ሁለተኛውም ሰው "ኳስ ከመምጣቷ በፊት አያይም" ብሎ ጽፏል፤ ተስማሙ። "በውጭ በኩል ብቻ" የሚለው ላይ ግን አልተስማሙም፤ ሁለተኛው ሰው ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥ ሲገባ አይቶታል፣ አንዴም በግራ እግሩ መትቷል። ልጁ በመሐሉ ተምሯል? ወይስ የዚያ ቀን ተከላካይ ደካማ ነበር?

የሰባት ቁጥር ሪፖርት በመጨረሻ ሁለት ክፍል ሆኖ ተጻፈ። ዛሬ ምን እንደሆነ፦ በመልሶ ማጥቃት ጎጂ፣ በተዘጋ ሜዳ ላይ መፍትሔ የሌለው፣ ኳስ ሲያጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድድ። ምን ሊሆን እንደሚችል፦ በግራ በኩል ቢሞከር ቀና ማለት ይጀምራል፤ አንገቱን ካላስለመዱት ግን ባለበት ይቀራል፤ የመስመር ተከላካይነትም ሊታሰብ ይችላል። ዘንድሮ ስድስት ሴንቲ ሜትር ረዝሟል። ከሥር በእስክሪብቶ የተጨመረች አንዲት መስመር አለች፦ "አልወስንም። በመጋቢት ያንኑ የግራ ተከላካይ እንደገና ይገጥማል። ከጎሉ ጀርባ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።"